ለ12 የአራት ዓመት ልጆች ልደት በጠባብ ሳሎን፦ ያስቸገረኝ ጨዋታው ነው

የልጄን አራተኛ ዓመት ልደት ያከበርኩት 3 ሜትር በ4 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ ነው። ጥሪ፣ ጌጥና ኬክ ብዙም አያስጨንቁም። ጥሪው ላይ የሚያልቅበትን ሰዓትም ጻፉ፤ ለዚህ ዕድሜ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ልጆቹ ደክሟቸው መነጫነጭ ይጀምራሉ። ወንበርና ጠረጴዛ በሙሉ ይውጣ፤ ምግቡ ወለል ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ይቀርባል። ትንንሽ ክብ ፍራፍሬ ካለ በቁመቱ ለአራት ይሰንጠቅ፣ ሙሉውን ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀር ይችላልና። ፊኛ ከፈነዳ ቁርጥራጩን ወዲያው ልቀሙ፤ ወደ አፋቸው ከከተቱት ያንቃቸዋል።

ጨዋታው ግን ሌላ ነገር ነው። የልደት ምክር የሚጽፉ ሰዎች ዛሬም የወንበር ሽሚያን ሲያሞግሱ ሳይ እናደዳለሁ። ሒሳቡን እንሥራው። ሳሎኑ 12 ካሬ ሜትር ነው፣ ለአንድ ልጅ አንድ ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። መሀል ላይ 11 ወንበር ሲደረደር ዙሪያው የሚቀረው ቦታ ሁለት ልጅ ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ነው። ሙዚቃው ሲቆም ሁሉም በአንዴ ይሮጣሉ፣ ግንባርና ወንበር ይጋጫሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ወንበር ያጣው ልጅ ከጨዋታው መውጣቱ ነው። መጀመሪያ የወጣው ልጅ የቀሩት 10 ዙሮች እስኪያልቁ ዳር ተቀምጦ ያያል። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ 10 ደቂቃ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ይህን ያህል አይጠብቅም። ያለቅሳል፣ ወይም ተነስቶ ኬኩን ይነካካል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል።

ከዚህ የተማርኩት መለኪያ አንድ ነው፦ አንድ ልጅ ምንም ሳያደርግ ከሁለት ደቂቃ በላይ የሚቀመጥበት ጨዋታ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም።

በወንበር ሽሚያ ምትክ «ቁም» የሚባለውን ጨዋታ አድርጉ። ባለቀለም የወረቀት ፕላስተር ወስዳችሁ ወለሉ ላይ 12 የመስቀል ምልክት ለጥፉ፣ በአራት ረድፍ ሦስት ሦስት፣ በመካከላቸው ወደ 90 ሳንቲሜትር ተዉ። ሙዚቃ ሲኖር ይጨፍራሉ፣ ሲቆም እያንዳንዱ አንድ ምልክት ላይ ይቆማል። ምልክቱ ከልጆቹ ቁጥር አያንስም፣ ማንም አይወጣም። ሲለመድ ትእዛዙን ቀይሩት፤ «በአንድ እግር»፣ «ቁጭ ብላችሁ»። ፕላስተሩ የወረቀት መሆኑ ሲነሳ ወለሉ ላይ ሙጫ እንዳይተው ነው።

ሌላው የስጦታ ቅብብሎሽ ነው፤ በወረቀት ተደራርቦ የተጠቀለለ ነገር ክብ ሠርተው ይቀባበላሉ፣ ሙዚቃው ሲቆም የያዘው አንድ ሽፋን ይፈታል። በ12 ልጅ አንድ ክብ ከሠራችሁ ግን ያው መጠበቅ ይመጣል። ለሁለት ክፈሏቸው፣ ስድስት ስድስት፣ ለየክቡ አንድ ጥቅልና አንድ አዋቂ። ሁለቱም በአንድ ሙዚቃ ይሠራሉ፣ ጊዜው በግማሽ ያጥራል።

አጠቃለሉ ላይ ተጠንቀቁ። ሽፋኑ አሮጌ ጋዜጣ ይሁን፣ በስድስት ንብርብር፤ እያንዳንዱን የሚይዘው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ፕላስተር ብቻ ናት፣ ጫፏም ወደ ውስጥ ታጥፋ ለጣት መያዣ ትተዋለች። አዋቂ ሰው ስጦታ እንደሚያሽገው ዙሪያውን ከለጠፋችሁት ልጁ ሦስት ደቂቃ ይታገላል፣ በመጨረሻ አዋቂው ይነጥቀውና ይቀደዋል፣ ልጁም ያኮርፋል። በየሽፋኑ መሀል አንድ ስቲከር ይግባ፣ ሁሉም አንድ ዓይነትና አንድ ቀለም። ቀለሙ ከተለያየ ጠቡ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሙዚቃው በዕድል አይቁም። የሚያቆመው ሰው ክቦቹን እያየ፣ ገና ያልፈታ ልጅ እጅ ሲደርስ ነው የሚያቆመው፤ ሁለቱ ክቦች እኩል ካልገጠሙ በአንደኛው ያለው አዋቂ ጥቅሉን ገና ወዳልፈታ ልጅ ያሳልፈዋል። «ይህ ማጭበርበር ነው፣ ልጆች መሸነፍን መልመድ አለባቸው» የሚሉ ወላጆች አሉ። አልስማማም፤ መሸነፍን የሚለምዱበት ቀን የሰው ልደት አይደለም። መጨረሻ ላይ የሚገኘውም ለአንድ ልጅ የሚሆን ስጦታ ሳይሆን ለስድስቱም የሚካፈል ስድስት እኩል ነገር ይሁን፣ ለምሳሌ ስድስት እርሳስ። ያ ሲሆን ለእንግዶቹ ሌላ የመሸኛ ስጦታ መግዛትም ይቀራል፣ በጀቱን በጣም ያቀለለልኝ ይህ ነው።

ሁለቱ ጨዋታዎች አብረው ወደ 25 ደቂቃ ይወስዳሉ። ከእነሱ በፊት፣ እንግዶች አንድ በአንድ እየገቡ ሳለ፣ ወለሉ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፋችሁ እርሳስ በትኑበት፤ ቀድሞ የመጣው እየሳለ ይቆያል። ወረቀቱን አታንሱት፣ ወላጅ የዘገየበት ልጅ መጨረሻ ላይ የሚመለሰው ወደ እሱ ነው።