«ማመልከቻህን አሻሽለህ አምጣ» ከተባልኩ በኋላ

ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ ፋብሪካ ለስቶክ አካውንታንትነት ያወጣውን ማስታወቂያ ያነበብኩት ደሴ ፒያሳ አካባቢ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነበር። ማመልከቻ የሚቀበሉት ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ነበር። ዲግሪዬን ኮፒ አደረግሁ፣ ሦስት ዓመት ከሠራሁበት የጅምላ መደብር የሥራ ልምድ አጻፍኩ፣ ማመልከቻዬን በግማሽ ገጽ ጽፌ በስምንተኛው ቀን በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እስከዚህ ድረስ የሚነገር ነገር የለም።

በመስኮት በኩል ሰነድ የምትቀበለው ሠራተኛ ሌሎቹን ወረቀቶች አገላብጣ ካየች በኋላ ማመልከቻውን ብቻ መለሰችልኝና «ይህን አሻሽለህ አምጣ» አለችኝ። «ምኑ ላይ ነው እህቴ?» ብዬ ስጠይቃት «አንብበው፣ ይገባሃል» ብላ ከኋላዬ የቆመውን ሰው ወረቀት ተቀበለች። ዛሬ ሳስበው የሚያናድደኝ የእሷ መልስ ብቻ አይደለም፤ ከመስኮቱ ሳልነቃነቅ «ቋንቋው ነው፣ ቅርጹ ነው ወይስ የጎደለ ነገር አለ?» ብዬ አለመጠየቄም ያናድደኛል። ያንን ባለመጠየቄ ወደ ደሴ ተመልሼ በዘጠነኛው ቀን ለሦስት ሰዎች ያንኑ ግልጽ ያልሆነ ቃል ይዤ ሄድኩ፤ ለሦስቱም ያልኳቸው «አሻሽሉልኝ» ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረሰው አጎቴ ነበር። ለእሱ የተሻለ ማመልከቻ ማለት ይበልጥ ትሕትና ያለው ማመልከቻ ነው። «ልጄ፣ እንዲህ በደረቁ ለአለቃ አይጻፍም» ብሎ መግቢያዬን «ክቡርነትዎ መልካም ፈቃድዎ ሆኖ ጥያቄዬን በአክብሮት እንዲመለከቱልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» በሚል ረጅም ዐረፍተ ነገር ተካው። ሁለተኛው የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ያለው ልጅ ሲሆን፣ ለእሱ የተሻለ ማለት ያማረ ማለት ነውና ዙሪያውን በሐረግ አጥሮ ስሜን በትልልቁ አደመቀው። እነዚህ ሁለቱ ወረቀቱን ከማስረዘምና ከማድመቅ በቀር የከፋ ጉዳት አላደረሱብኝም።

ጉዳቱ የመጣው አማርኛ ከሚያስተምረው ጎረቤቴ ነው። ክፋት አልነበረውም፤ ለእሱ የተሻለ ማለት ጠንካራ ማለት ነበር። እኔ የጻፍኩት «በመጋዘን ቆጠራ ላይ ተሳትፌአለሁ» የሚል ነበር። እሱ አነበበና «ተሳትፌአለሁ የሚለው ደካማ ነው፣ ሰው የተሳተፈውን ሳይሆን የሠራውን ይጻፍ» ካለ በኋላ «የድርጅቱን ዓመታዊ የመጋዘን ቆጠራ በብቃት መርቻለሁ» ብሎ አስተካከለው። ስሰማው ደስ አለኝ። ሐሰት መሆኑን አላጣሁትም ነበር፣ ነገር ግን ሌላ ሰው ስላረመልኝ ብቻ የእኔ ሐሰት ያልሆነ መሰለኝ። ፈረምኩበት።

በአሥረኛው ቀን ያቺው ሠራተኛ ማመልከቻውን ተቀበለች። አጥሩንም፣ ትሕትናውንም፣ ብቃቱንም አላየችም፤ ዓይኗ በቀጥታ «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ» ወደሚለው መስመር ሄደ። «አሁንም አልጻፍክም» ብላ እስክሪብቶ አንስታ ከጎኑ «ለስቶክ አካውንታንት» ብላ ጨመረችና የማስታወቂያውን ቁጥር ጻፈችበት። ለካ ፋብሪካው በዚያው ማስታወቂያ ኮስት አካውንታንትና ገንዘብ ያዥም ይፈልግ ስለነበር፣ የእኔ ወረቀት የየትኛው ክምር እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ለእሷ የተሻለ ማለት በትክክለኛው ፋይል ውስጥ የሚገባ ማለት ብቻ ነበር። በስምንተኛው ቀን እንዲህ ብትለኝ ኖሮ እዚያው መስኮቱ ላይ በእጄ ጽፌ እጨርሰው ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ስጠራ ግን ወረቀቱን በአምስተኛ ትርጉም የሚያነብ ሰው ጠበቀኝ። የፋይናንስ ኃላፊው ጣቱን «መርቻለሁ» በሚለው ላይ አድርጎ «ቆጠራውን የመራኸው አንተ ከሆንክ፣ በቆጠራው ቀን የዕቃ እንቅስቃሴውን እንዴት ቆረጥከው? የመጨረሻውን የገቢና የወጪ ሰነድ ቁጥር ከማን ጋር ተፈራረምክ?» ሲል ጠየቀኝ። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ቆጠራ እየተካሄደ ዕቃ ከገባ ወይም ከወጣ፣ የተቆጠረው ከመዝገቡ ጋር ሊመሳከር አይችልም፤ ስለዚህ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻዎቹ ሰነዶች ቁጥር ይያዛል፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ለብቻው ይቀመጣል። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ የወሰነውና የፈረመው ግን ሥራ አስኪያጁ ነበር። «ኃላፊው ነበር የሚያደርገው» ስል ሰውየው «እንግዲያ አንተ ምን መራህ?» አለና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ከዚያ በኋላ የመለስኩት ትክክል የሆነ ነገር እንኳ ጥርጣሬ ሳይቀላቀልበት አልተሰማም። ቦታውን አላገኘሁም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ እውነተኛው ሥራዬ ለዚያ ቦታ ከ«መርቻለሁ» ይበልጥ የሚፈለግ መሆኑ ነው። ከወራት በኋላ ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ ያቺን ዐረፍተ ነገር እንዲህ አድርጌ ጻፍኳት፦ «በዓመት ሁለት ጊዜ በሚደረገው ቆጠራ ንብረት ጠባቂው የሚይዘውን ቢን ካርድና ሒሳብ ክፍሉ የሚይዘውን ስቶክ ካርድ ከቆጠራው ውጤት ጋር እያመሳከርኩ ልዩነቱን ከነምክንያቱ እመዘግብ ነበር።» ይህ ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይረዝማል፣ ከመምህሩ ይደበዝዛል፤ ነገር ግን አንባቢውን ልመልሰው ወደምችለው ጥያቄ ይመራዋል። እንደተመኘሁትም ጠያቂው «ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከምን ይመጣ ነበር?» አለኝ፤ እኔም ዕቃው ከወጣ በኋላ ቢን ካርዱ ላይ ሳይመዘገብ ስለሚያድር መሆኑን፣ አንዳንዴም በካርቶን የገባው በፍሬ እየተመዘገበ መሆኑን ነገርኩት።

ለሥራ ፈላጊዎች በሚሰጡ ሥልጠናዎች ላይ «ጠንካራ ግሶችን ተጠቀሙ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በሒሳብ ሥራ ላይ አልስማማበትም። ግሱ ሊበረታ የሚገባው የሠራችሁት እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ቃል በቃለ መጠይቁ ቀን የሚከፈል ዕዳ ይሆናል። ገጹን መሙላት አለባችሁ የሚለውንም ትቼዋለሁ። ሰውን እንዲያርምላችሁ ስትጠይቁም «አሻሽልልኝ» አትበሉ። እኔ ሁለተኛውን ማመልከቻ ለቀድሞ ባልደረባዬ ለንብረት ጠባቂው ሰጥቼ «ይህን አንብበህ እኔ እዚያ ምን እሠራ እንደነበር ንገረኝ፤ ያላደረግሁት ነገር ካለም አሳየኝ» አልኩት። እሱም ቢን ካርዱን እኔ እሞላው እንደነበር የሚያስመስል አንድ ሐረግ አገኘና «ኧረ አቦ፣ እሱ የኔ ሥራ ነበር» ብሎ አሰረዘኝ። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ማረም ለሌላ ቀን፣ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሥራ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የጠየቅሁት ሰው ሁልጊዜ የሚቀናውን ብቻ ነው የሚያርምልኝ።

አሁን ኮምቦልቻ እሠራለሁ። ያስቀጠረኝ ማመልከቻ አሥራ አንድ መስመር ነው፤ የቦታው ስምና የማስታወቂያው ቁጥር ጉዳዩ ላይ ሰፍሯል፣ ዙሪያው አልታጠረም። አጎቴ ቅጂውን አይቶ ሥራውን በማግኘቴ ቢደሰትም፣ «በታላቅ ትሕትና» የሚለው መውጣቱን እስካሁን አልወደደልኝም።