ሥራውን አልቀበልም ያልኩበት ደብዳቤ

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ አስመጪ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት ሊቀጥረኝ ወሰነ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ያበሰሩኝ በቴሌግራም ስለነበር መልሴንም መጀመሪያ እዚያው ላይ ጻፍኩት፦

«ሰላም፣ እንዴት ነዎት? ስለ ሥራው አስቤበት ነበር፤ ለአሁኑ ይቅርብኝ። አመሰግናለሁ።»

ሳልልከው አሰብኩበት። መልሱ እሳቸው ዘንድ አይቀርም። ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ የፋይናንስ ኃላፊ «ምን አለ?» ሲሉ የሚደርሳቸው «ይቅርብኝ አለ» የሚለው ብቻ ነው። ምክንያት ስለሌለው ደሞዝ አንሶት ነው፣ ወይም በእኛ ቅጥር አስፈራርቶ አሠሪውን ጭማሪ ጠይቆበት ነው ብለው ቢገምቱ አይፈረድባቸውም።

የእኔ ምክንያት ግን ማብቂያ ያለው ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሂሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ማሳወቂያ ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ እንድለቅ ይፈቅድልኛል፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ሥራ ለባልደረቦቼ ጥዬ መውጣት አልፈለግኩም።

ስለዚህ ቀድሜ ደወልኩ፤ ተጠባባቂ ካላቸው ቶሎ እንዲጠሩ። በዚያው ቀን ይህን በኢሜይል ላክሁ፦

«ጉዳዩ፦ የቀረበልኝን ቅጥር ይመለከታል

በሂሳብ ሠራተኛነት ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ የፋይናንስ ኃላፊው የመጋዘን ቆጠራችሁ ከሂሳብ መዝገቡ ጋር እንዴት እንደሚመሳከር ጊዜ ወስደው ስላስረዱኝ ብዙ ተምሬበታለሁ። ሆኖም አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት የዓመቱን ሂሳብ ዘግቶ ግብሩን እስኪያሳውቅ ድረስ መልቀቅ ስለማልችል፣ ቅጥሩን መቀበል እንዳልቻልኩ በአክብሮት እገልጻለሁ። ቦታውን እንድትጠብቁልኝ አልጠይቅም፤ ከኅዳር ወር ጀምሮ ተመሳሳይ ክፍት ቦታ ሲኖር ግን ብታሳውቁኝ በደስታ እወዳደራለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር»

ብዙ ያሰብኩት በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። በመጀመሪያ «ወደፊት አብረን እንደምንሠራ ተስፋ አደርጋለሁ» ብዬ ነበር፤ ሰረዝኩት። ሁሉም ሰው የሚጽፈው ነው፤ መቼ ሊፈልጉኝ እንደሚችሉም አይነግራቸውም። «ኅዳር» ሲባል ግን ቀጣሪው የሚይዘው ነገር ያገኛል። «እንድትጠብቁልኝ አልጠይቅም» የሚለው ባይኖር ደግሞ «ቆዩልኝ» የማለት ያህል ስለሚሆን፣ ተጠባባቂውን ለመጥራት ያመነታሉ። ምስጋናውንም ለሌላ ድርጅት ቢላክ ትርጉም እንዳይሰጥ አድርጌ፣ በቃለ መጠይቁ ላይ በሰማሁት ነገር ላይ አሰርኩት።

ስለ ደሞዝ አንድም ቃል አላነሳሁም። ያስከፋኝ እሱ ቢሆን ኖሮ፣ እምቢ ከማለቴ በፊት በስልክ ልደራደርበት ይገባ ነበር እንጂ በእምቢታ ደብዳቤ ላይ ቦታ የለውም። በማግስቱ ኃላፊዋ ደብዳቤውን ለፋይናንስ ኃላፊው እንዳስተላለፉትና ማስረጃዎቼን ፋይል ውስጥ እንደሚያቆዩ ጻፉልኝ፤ ተጠባባቂውንም ጠርተዋል።