አየር ነው ያልኩት ጥቁር ነጥብ

ለልምምድ ከተሰጡን የጭንቅላት ሲቲ ስካን ምስሎች በአንዱ ላይ፣ ግራና ቀኝ አንጎልን በሚለየው መስመር ላይ ድፍን ጥቁር ነጥብ አየሁ። «አየር ገብቷል» ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። አየር ከገባ የገባበት ቀዳዳ መኖር አለበትና ግማሽ ሰዓት ያህል የራስ ቅሉን አጥንት እየዞርኩ ስብራት ፈለግሁ። ስብራት አልነበረም። አየርም አልነበረም። ነጥቡ ስብ ነበር፤ በዚያ መለያ ሽፋን ላይ ትንሽ ስብ መገኘቱ ደግሞ የተለመደና ጉዳት የሌለው ነገር ነው።

ስህተቴ የመጣው ምስሉን በዓይኔ ብቻ ስላነበብኩ ነው። ሲቲ ስካን በመሠረቱ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ፣ በዚያ ቦታ ያለው አካል ኤክስሬይን ምን ያህል እንዳዳከመ የሚናገር ቁጥር ይይዛል። መለኪያው የተሰየመው በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት በተጋራው በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ነው። ሁለት ችካሎች አሉት፦ ውሃ 0፣ አየር -1000። ስብ ኤክስሬይን የሚያዳክመው ከውሃ አንድ አሥረኛ ያህል ባነሰ መጠን ስለሆነ -100 አካባቢ ይወድቃል። የአንጎል ሥጋ ከ20 እስከ 40 ባለው ውስጥ ነው። ስፖንጅ መሰሉ የአጥንት ክፍል ጥቂት መቶዎችን ይይዛል፤ ጠንካራው የውጭ ሽፋን ግን ከ1000 ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ በቁጥር ሲታይ ስብ የውሃ የቅርብ ጎረቤት ነው፤ ከአየር ጋር 900 ያህል ይራራቃሉ። ታዲያ በዓይን እንዴት አንድ ሆኑ?

መልሱ መስኮት የሚባለው ማስተካከያ ነው። ዓይናችን ሺዎቹን ቁጥሮች በግራጫ ደረጃዎች መለየት ስለማይችል፣ ኮምፒውተሩ ከቁጥሮቹ አንድ ክልል ብቻ መርጦ ከጥቁር እስከ ነጭ ይዘረጋዋል። ለአንጎል የተለመደው መስኮት ስፋቱ 80፣ መሃሉ 40 ነው፤ ማለትም ከ0 እስከ 80። ከ0 በታች ያለው ሁሉ እኩል ጥቁር፣ ከ80 በላይ ያለው ሁሉ እኩል ነጭ ይሆናል። ስለዚህ -100 የሆነው ስብ እና -1000 የሆነው አየር በአንድ ጥቁር ቀለም ተቀቡ። ንጹሕ ውሃ ራሱ በጥቁሩ ጠርዝ ላይ ነው የቆመው። በላይኛው በኩልም ያው ነው፤ አጥንቱ ወጥ ነጭ ሆኖ ውስጡ ስለሚጠፋ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስብራት የፈለግሁት ስብራት በማይታይበት መስኮት ነበር። (ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።)

መስኮቱን ወደ ሳንባ ቀየርኩት፦ ስፋት 1500፣ መሃል -600። አሁን ጥቁሩ -1350 ላይ ይጀምራል፣ ነጩ 150 ላይ ያበቃል። ስቡ ከአንጎሉ በጥቂቱ የጠቆረ ፈካ ያለ ግራጫ ሆነ። ለማነጻጸር ከጭንቅላቱ ውጭ ያለውን አየር ተመለከትኩ፤ እሱ እንደጠቆረ ቀረ። ከዚያ በነጥቡ ውስጥ ትንሽ ክብ አድርጌ አማካዩን ለካሁ፦ -92። ነገሩ አለቀ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሌላ ምስል ላይ ሌላ ጥቁር ነጥብ አገኘሁና በአዲሱ ልማዴ ወዲያው ለካሁት፦ -68። «ስብ» ብዬ ልጽፍ ስል አብሮኝ የሚማር ጓደኛዬ «ቁራጩ ስንት ሚሊሜትር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሲቲ ስካን ጭንቅላቱን የሚያሳየው በቁራጭ በቁራጭ ከፍሎ ነው፤ የዚህኛው ቁራጭ ውፍረት 5 ነበር። ቁጥሩ የዚያን 5 ሚሊሜትር ውፍረት ሁሉ አማካይ ነው። የአየር አረፋ ጫፍ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ወደ ቁራጩ ቢገባ፣ ከድብልቁ አንድ አሥረኛው አየር፣ ቀሪው 35 ገደማ የሆነ አንጎል ይሆናል። አየሩ -100 ያመጣል፣ አንጎሉ 31 ከግማሽ ይጨምራል፤ ድምሩ -68 አካባቢ ነው። አየር የስብን ቁጥር ለብሶ መጣ ማለት ነው።

መለያው ቀጭኑን ቁራጭ መክፈት ነው። ያው ግማሽ ሚሊሜትር አየር በ1 ሚሊሜትር ቁራጭ ውስጥ ግማሹን ስለሚይዝ ቁጥሩ ወደ -480 ይወርዳል። ስብ ቢሆን ኖሮ የቱንም ያህል ብናሳሳው -100 አካባቢ ይቆም ነበር። ክቡ ትንሽ መሆኑና ከነጥቡ ጠርዝ መራቁም ግድ ነው፤ አለዚያ ጎረቤቱ አንጎል አማካዩን ወደ ላይ ይጎትተዋል።

ቀጭኖቹን ከፍቼ ለካሁ፤ ነጥቡ መሃል ላይ -455 አነበብኩ። ወደ አጥንት መስኮት ተሻገርኩ፤ ስፋት 2000፣ መሃል 500። ከነጥቡ ጥቂት በታች፣ በራስ ቅሉ ወለል ላይ፣ በአንጎል መስኮት ፈጽሞ ያልታየ ቀጭን የስብራት መስመር ነበር።