«48 ሰዓት ጠብቅ» ሲሉህ መጀመሪያ ኔምሰርቨሮቹን ጠይቅ

አዲስ ድረ ገጽ ታወጣለህ። አንዱ ጋ ይከፈታል፣ ሌላው ጋ እምቢ ይላል። ሆስቲንግ ወደገዛህበት ድርጅት ትደውላለህ። «ዲኤንኤሱ እስኪሰራጭ ነው፣ እስከ 48 ሰዓት ይታገሱ» ይሉሃል። አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። አንዳንዴ ግን ስልኩን ቶሎ ለመዝጋት የሚባል ነገር ነው። ሁለቱን መለየት የሁለት ደቂቃ ሥራ መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ያህል ባልተቃጠልኩ።

ሥራው ጅማ ውስጥ ቡና ለሚነግዱ አንድ ሐጂ ነበር። ዶሜይኑ ቀድሞ ተገዝቷል። የሚከፍተው ግን «በግንባታ ላይ» የሚል ባዶ ገጽ ብቻ ነው። እኔ ገጹን ሠራሁ፣ እዚያው ድርጅት ጋ ሰፋ ያለ ሆስቲንግ ገዛን፣ ፋይሎቹን ጫንኩ። ይሄ ሁሉ ያለችግር አለቀ። የቀረው ዶሜይኑ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ የሚናገረውን ኤ ሪከርድ ከአሮጌው ሰርቨር አይፒ ወደ አዲሱ መቀየር ነው። ሪከርዱን ይዘው ለሚጠይቅ የሚመልሱት ኔምሰርቨሮች አይነኩም፣ እዚያው ናቸው።

ይህን ስትቀይር ምን እንደሚሆን ልንገርህ። አዲሱን አይፒ ለዓለም የሚያሰራጭ ማንም የለም። ስልክህ አንድን ዶሜይን ሲፈልግ የኢንተርኔት አቅራቢህን ሪዞልቨር ይጠይቃል። ሪዞልቨሩ ደግሞ የዶሜይኑን ኔምሰርቨር ጠይቆ መልሱን ያመጣል። ያመጣውንም ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጠዋል። ያ ጊዜ ቲቲኤል ይባላል፣ በሰከንድ ነው የሚጻፈው፣ የሚወስነውም የዶሜይኑ ባለቤት ነው። ጊዜው እስኪያልፍ ሪዞልቨሩ ተመልሶ አይጠይቅም፣ አሮጌውን መልስ ይሰጣል።

የእኛ ቲቲኤል 14400 ነበር፣ ማለትም 4 ሰዓት። ሪከርዱን የቀየርኩት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ አንድ ደቂቃ ቀድሞ የጠየቀ ሪዞልቨር አሮጌውን አይፒ እስከ 7 ሰዓት ከ59 ይይዛል። ስለዚህ ከ8 ሰዓት በኋላ አሮጌውን የያዘ ሪዞልቨር መኖር የለበትም። ከቲቲኤሉ አሳልፈው የሚይዙ ሪዞልቨሮች አሉ፣ ብሮውዘርና ኮምፒውተርም የየራሳቸውን ያስቀምጣሉ። ቢሆንም ሒሳቡ በግምት ይሄ ነው፣ 48 ሰዓት የሚያስብል ምንም የለበትም።

48 ሰዓት ከየት መጣ? ኔምሰርቨሩን ራሱን ስትቀይር ነው። የ .com ሰርቨሮች «የዚህ ዶሜይን ኔምሰርቨሮች እነ እገሌ ናቸው» የሚለውን መልስ የሚሰጡት በ172800 ሰከንድ ቲቲኤል ነው። እሱ ሁለት ቀን ነው። እኛ ግን ያን አልነካንም።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ደወሉ። «ልጄ፣ ጠዋት ያየሁት ቆንጆ ገጽ የት ሄደ?» አሉኝ። ስልካቸው ላይ አዲሱን አይተው ነበር፣ አሁን ግን «በግንባታ ላይ» ተመልሷል። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ደግሞ አዲሱን እያየች ነው። ማታ ላይ ተገለበጠ፦ ለሐጂ ተከፈተ፣ ለልጃቸው ጠፋ። ለድርጅቱ ደወልኩ። 48 ሰዓት። ቲቲኤሉ 4 ሰዓት ነው ስለው «ሲስተሙ እንደዚህ ነው የሚለው» አለኝ። እንደገና ደወልኩ፣ ሌላ ሰው፣ ያው 48 ሰዓት። የውጭ አገር ገዢያቸው ገጹን ሊያይ የሚጠብቅ ነጋዴ ፊት ቁጭ ብለህ ይህን አስረዳ እንግዲህ።

ነገሩ መጠርጠር ያለበት እዚህ ጋ ነው። አሮጌ መልስ ጊዜው አልፎ በአዲስ ከተተካ በኋላ ወደ አሮጌው የሚመለስበት ምክንያት የለም። እንደ ጉግል 8.8.8.8 ያሉት ትልልቅ ሪዞልቨሮች ከኋላቸው ብዙ ማሽን ስላለ ለጊዜው ሊለዋወጡብህ ይችላሉ። ቲቲኤሉ ካለፈ በኋላም መመላለሱ ከቀጠለ ግን ችግሩ ከምንጩ ነው። ስለዚህ ሪዞልቨሮቹን ተውኩና ምንጮቹን በየተራ ጠየቅሁ። እዚህ ያሉት ስሞችና አይፒዎች ለምሳሌ ናቸው፦

```
nslookup -type=ns example.com
nslookup example.com ns1.example.net
nslookup example.com ns2.example.net
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ የዶሜይኑን ኔምሰርቨሮች ይነግርሃል። ቀጣዮቹ ሁለቱ ሪዞልቨሩን ዘልለው ኔምሰርቨሮቹን በቀጥታ ይጠይቃሉ። አንደኛው አዲሱን አይፒ 198.51.100.20 አለ። ሁለተኛው አሮጌውን 192.0.2.10። በቃ፣ ተገኘ። ሪዞልቨሮች ከሁለቱ የፈለጉትን ይጠይቃሉ፣ ቲቲኤሉ ባለቀ ቁጥርም እንደገና ይመርጣሉ። አንደኛው ከደረሳቸው አዲሱ ይከፈታል፣ ሁለተኛው ከደረሳቸው «በግንባታ ላይ»።

ማስረጃው ሙሉ እንዲሆን ኤስኦኤ የሚባለውን፣ የዶሜይኑን አጠቃላይ መረጃ የያዘውን ሪከርድም ጠየቅሁ፦

```
nslookup -type=soa example.com ns1.example.net
nslookup -type=soa example.com ns2.example.net
```

መልሱ ውስጥ serial የሚል ቁጥር አለ። ሪከርድ በተቀየረ ቁጥር ይጨምራል፣ ከአንደኛው የሚቀዳው ሁለተኛው ሰርቨርም አዲስ ነገር መኖሩን የሚያውቀው በእሱ ነው። የአንደኛው ቁጥር ከፍ ብሏል፣ ሁለተኛው ባለበት ቀርቷል። ድርጅቱ ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ቅጂ ተቋርጧል ማለት ነው። ሁለተኛው ሰርቨር እንዲህ ሲቆራረጥ ወዲያው ዝም አይልም። እዚያው ኤስኦኤ ላይ የተጻፈው expire እስኪያልቅ አሮጌውን ይዞ ይመልሳል፣ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳምንትና ከዚያ በላይ ነው። 48 ሰዓቱን በጨዋ ደንብ ብንጠብቅ ኖሮ ምንም አይለወጥም ነበር።

የሁለቱን መልስ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ከዚያ በኋላ ስለ 48 ሰዓት ያነሳ ሰው የለም። ይቅርታም የለም፣ «ተስተካክሏል» የሚል አንድ መስመር ብቻ መጣ። ሁለተኛው ሰርቨር ቁጥሩን ካስተካከለ በኋላ ያለው የእውነት መጠበቅ ነበር፦ 4 ሰዓት፣ አለቀ።

አሁን ሥራዬን የምሠራው እንዲህ ነው። ሪከርድ ከመቀየሬ በፊት ቲቲኤሉን ወደ 300 እቀንሳለሁ፣ ከዚያ አሮጌው ቲቲኤል እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። በእኛ ሁኔታ 4 ሰዓት ማለት ነው። ብዙ ሰው አይፒውንና ቲቲኤሉን አብሮ ይቀይርና ፈጠንኩ ይላል። አልፈጠነም። 14400 የሚለውን አስቀድመው የያዙት ሪዞልቨሮች 300 መሆኑን አይሰሙም።

ዶሜይኑ ገና አዲስ ከሆነ ደግሞ ሪከርዱ ሳይጻፍ «እስቲ ልሞክር» ብለህ አትክፈተው፣ ለደንበኛውም ሊንኩን አትላክ። ሪዞልቨር «የለም» የሚለውንም መልስ ያስቀምጣል። ለምን ያህል ጊዜ? የኤስኦኤው የመጨረሻ ቁጥር ይወስነዋል፣ የኤስኦኤው የራሱ ቲቲኤል ካነሰ ደግሞ እሱ። 3600 ከሆነ፣ ሪከርዱን ከጻፍክ በኋላም ያ ሪዞልቨር እስከ አንድ ሰዓት «የለም» ሊልህ ይችላል። ገጹን ማየት ከፈለግህ ኮምፒውተርህ ሪዞልቨር ከመጠየቁ በፊት የሚያየው hosts ፋይል ውስጥ አዲሱን አይፒና ዶሜይኑን ጻፍ፣ ስትጨርስ ግን አጥፋው። ካልሆነ ለአንተ ብቻ የሚከፈት ገጽ ይዘህ «ደርሷል» ትላለህ።

ሐጂ በማግስቱ አሮጌውን ሆስቲንግ ሊያዘጉ ነበር፣ ገንዘብ ነውና። እኔ እንዲቆይ አደረግሁ። አዲሱ ገጽ አሮጌው ሰርቨር ላይም እንዲጫን አድርጌ፣ ሁለቱን ኔምሰርቨሮች እየጠየቅሁ ጥቂት ቀን ቆየሁና ነው ያዘጋሁት።