ገመዱ ምን አደረገ?

ይህን ገጠመኝ የምጽፈው ትዝ ባለኝ ቁጥር ስለሚያበሽቀኝ ነው። ትንሽም ያስቀኛል።

ሥራው ቀላል ነበር። አንድ ሴንሰር በሲሪያል መስመር መልእክት ይልካል፤ የእኛ ሰሌዳ ተቀብሎ ቁጥሩን ስክሪን ላይ ያሳያል። መልእክቱ 32 ባይት ነው፤ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመጣል። የመስመሩ ፍጥነት 115200 ባውድ፣ ማለትም በሰከንድ 115200 ቢት ነው። ፕሮሰሰሩ በ72 ሜጋኸርዝ የሚሮጥ ኮርቴክስ ኤም3 ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ይህ ፕሮሰሰር ይተርፋል ብዬ ነበር። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋናው ሉፕ ይኸውላችሁ፦

```c
while (1) {
    if (USART1->SR & USART_SR_RXNE)
        take(USART1->DR);
    if (time_to_draw())
        draw_screen();
}
```

ፖሊንግ የሚባለው ይሄ ነው። ፕሮሰሰሩ እየዞረ «መጣ? አልመጣም። መጣ? አልመጣም» ይላል። `RXNE` «ያልተነበበ ባይት አለ» የሚል ምልክት ነው። ምልክቱ ከበራ ባይቱን ከ`DR` ያነሳል፤ ካልበራ ያልፋል። በየግማሽ ሰከንዱ ደግሞ ስክሪኑን ይስላል። ጠረጴዛዬ ላይ ስሞክረው እንከን አልነበረውም።

ሳምንት ሳይሞላ ግን መልእክት መጉደል ጀመረ። የሚገርመው አጎዳደሉ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ሰላም ይሆናል። ከዚያ ለሰባት ስምንት ደቂቃ ከአምስት መልእክት አንዱ ተቆርጦ ይመጣል። ከዚያ ማንም ሳይነካው ይሻለዋል።

ከጎኔ የሚቀመጥ አንድ ባልደረባ አለ። ገና ሳያይ «ገመዱ ነው» አለ። ሄዶ አዲስ ገመድ ፈለገ፣ ጫፉን ሠርቶ ሰካ፣ ችግሩ ጠፋ። ለአለቃችን ሪፖርት ተላከ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ችግሩ ተመለሰ። ሌላ ገመድ አመጣ፤ አሁንም ጠፋ። ሦስት ጊዜ ለወጠው፣ ሦስቱንም ጊዜ «ሠራ»። እኔም እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ላይ አምኜው ነበር። ሰው ገመድ ሲቀይር ችግር ሲጠፋ በዓይንህ እያየህ ምን ትላለህ?

ሦስተኛው ገመድ ላይ ጋሼ መጡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ከቡድኑ ሁሉ የቆዩት እሳቸው ናቸው። ገመዱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ሉፑን አነበቡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስክሪኑን ለመሳል ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል?»

«ትንሽ ነው ጋሼ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

ዝም አልኩ። ለክቼው አላውቅም። አንድ ባዶ ፒን ስዕሉ ሲጀምር እንዲበራ፣ ሲያልቅ እንዲጠፋ አደረግሁና ኦሲሎስኮፕ ላይ አየሁት። 20 ሚሊ ሰከንድ።

«አንድ ባይትስ ስንት ይፈጃል?»

ይሄኛውን በወረቀት ሠራሁት። አንድ ባይት መስመሩ ላይ 8 ቢት ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያና መጨረሻውን የሚያመለክቱ ሁለት ቢቶች ሲጨመሩ 10 ይሆናል። 115200 ለ10 ሲካፈል በሰከንድ 11520 ባይት። አንዱ ባይት 87 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ማለት ነው።

«እንግዲህ 20 ሚሊ ሰከንድ ሙሉ ጀርባህን ሰጥተህ ስትስል፣ ስንት ባይት ሊያልፍህ ይችላል?»

ሁለት መቶ ሠላሳ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ቺፕ መቀበያ የሚይዘው አንድ የተጠናቀቀ ባይት ነው። ከኋላው ሌላ አንድ እየተሰበሰበ ሊቆይ ይችላል። የኋለኛው ሲጠናቀቅ የፊተኛው ካልተነሳ ቦታ የለም፤ አዲሱ ይጣላል። ስለዚህ ባይት ከደረሰ በኋላ ያለኝ ጊዜ 87 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ሉፑ ሳይስል ሲዞር ይህ ከበቂ በላይ ነው። ሲስል ግን የመጣው መልእክት የመጀመሪያ ባይቱ ብቻ ይተርፋል።

ቺፑ ይህን ይናገራል። `ORE` የሚባል የመጥለቅለቅ ምልክት አለው፤ ያለውም እኔ በየዙሩ በማነበው በዚያው `SR` ውስጥ ነው። የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? በዚህ ቺፕ `SR` ተነቦ ከዚያ `DR` ሲነበብ ምልክቱ ይጠፋል። ኮዴ የሚያደርገው ደግሞ ልክ ይህንኑ ነው። ማስረጃውን በገዛ እጄ እያጠፋሁ ነበር። ከማንበቤ በፊት `ORE`ን የሚቆጥር አንድ መስመር ስጨምር፣ በመጥፎዎቹ ደቂቃዎች ቁጥሩ እየዘለለ መውጣት ጀመረ። ገመድ ቢሆን ኖሮ የተዛባ ባይት እንጂ የመጥለቅለቅ ምልክት አይመጣም ነበር።

የቀረው የደቂቃዎቹ ነገር ነው። ሴንሰሩ በየ100 ሚሊ ሰከንዱ ይልካል፣ እኔ በየ500ው እስላለሁ። እኩል የሚካፈል ነው፤ አንዴ ካልተጋጩ አይጋጩም። ግን እያንዳንዱ በራሱ ክሪስታል ነው የሚቆጥረው፣ ክሪስታሎቹም ፍጹም እኩል አይደሉም። የእኛዎቹ ልዩነት ሲለካ ከሚሊዮን 50 ገደማ ሆነ። በሰከንድ 50 ማይክሮ ሰከንድ ይንሸራተታሉ ማለት ነው። 100 ሚሊ ሰከንድ ለመንሸራተት 2000 ሰከንድ፣ ማለትም 33 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ መልእክቱ ስዕሉ ላይ የሚያርፈው ለሰባት ስምንት ደቂቃ ነው። ባልደረባዬ ገመድ ፈልጎ፣ ጫፉን ሠርቶ እስኪሰካ መጥፎው ጊዜ ያልፋል።

ወደ ኢንተራፕት ቀየርኩት። ባይት ሲደርስ መቀበያው ራሱ ፕሮሰሰሩን ይጠራዋል። ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ያቆማል፣ የነበረበትን ቦታ ያስቀምጣል፣ ለዚያ ጥሪ የተጻፈችውን ትንሽ ፋንክሽን ይሠራና ወደነበረበት ይመለሳል። ስክሪን እየሳለም ቢሆን በየ87 ማይክሮ ሰከንዱ ለሁለት ሦስት ማይክሮ ሰከንድ ዞር ብሎ ባይቱን ያነሳል። ስዕሉ ምንም አይታወቀውም።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ሠራሁ። እየሠራ መሆኑን ለማየት ኢንተራፕቱ ውስጥ ይህችን ጨመርኩ፦

```c
printf("got %02x\r\n", b);
```

መልእክቱ ሁሉ ጠፋ። ቀድሞ ከአምስት አንዱ ነበር የሚጠፋው፤ አሁን አምስቱም። ሄጄ «ጋሼ፣ ኢንተራፕትም አልሠራም» አልኳቸው። እሳቸው መስመሯን አይተው ሳቁ እንጂ መልስ አልሰጡም። ተመልሼ ቆጠርኩ። የሚታተመው 8 ፊደል ነው፤ በዚያው ፍጥነት 700 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። ለእያንዳንዷ 87 ማይክሮ ሰከንድ 700 እየከፈልኩ ነበር። ይባስ ብሎ የእኛ `printf` እያንዳንዱ ፊደል እስኪወጣ ቆሞ የሚጠብቅ ነው። ከፖሊንግ ሸሽቼ ፖሊንግን ኢንተራፕት ውስጥ አስገባሁት። መስመሯን አውጥቼ ባይቱን ባፈር በሚባል ጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ ብቻ አስቀመጥኩ፤ መተንተኑን ለዋናው ሉፕ ተውኩለት። `ORE` ዜሮ ላይ ቆመ።

ከወራት በኋላ ሴንሰሩ ተቀየረ። አዲሱ በ921600 ባውድ ሳያቋርጥ የሚልክ ነበር። አሁን ባይቱ በየ11 ማይክሮ ሰከንዱ ይመጣል። ለእያንዳንዱ 3 ማይክሮ ሰከንድ ከከፈልኩ ከፕሮሰሰሩ ጊዜ ሩብ በላይ የሚሆነው ባይት በማንሳት ብቻ ያልቃል። ዲኤምኤ እዚህ ነው የሚያስፈልገው። እሱ ከፕሮሰሰሩ ሌላ የሆነ አንድ ትንሽ ሠራተኛ ነው። «ከዚህ ሪጅስተር እያነሳህ እዚህ ሜሞሪ ላይ ደርድር፣ 256 ሲሞላ ከመጀመሪያው ቀጥል» ትለዋለህ። ፕሮሰሰሩን የሚጠራው ባፈሩ ሲጋመስና ሲሞላ ብቻ ነው። በሰከንድ ከ92 ሺህ ጥሪ ወደ 720 ወረድን።

ደስታዬ አልቆየም። ለሴንሰሩ ትእዛዝ ሲሰጠው ዥረቱን አቁሞ 6 ባይት መልስ ይልካል። ትእዛዝ ላክሁ፤ ዝም። ደገምኩ፤ ዝም። ተናድጄ ደጋገምኩት። ሃያ ሁለተኛውን እንደላክሁ 21 መልስ አንድ ላይ ዱብ አለ። ያ ባልደረባዬ በዚህ መሀል ከወንበሩ ሲነሳ አየሁት፤ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ።

መልሱ ጠፍቶ አልነበረም። በዲባገር ስመለከት ሜሞሪው ላይ በሥርዓት ተደርድሯል። ዲኤምኤው ግን 128 ሳይሞላ ማንንም አይጠራም፤ እንደዚያ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። መፍትሔው መቀበያው ራሱ ላይ አለ። ባይት ከመጣ በኋላ መስመሩ የአንድ ባይት ያህል ጊዜ ጸጥ ካለ ኢንተራፕት ማስነሳት ይችላል። ያኔ ዲኤምኤው የቀረውን ከሚቆጥርበት `CNDTR` አንብቤ ከ256 ስቀንስ የት እንደደረሰ አውቃለሁ። ትልቁን ዥረት በግማሽ ባፈር፣ ትንሹን መልስ በጸጥታ መቀበል ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ፖሊንግ ማየት አስጠላኝ። ኤስፒአይ በሚባለው መስመር ወደ ስክሪኑ የሚልከውን ኮድ እንኳ፣ ትእዛዙ አንድ ባይት ሆኖ ሳለ፣ ወደ ኢንተራፕት ልቀይር ተነሳሁ። ጋሼ በትከሻዬ አሻግረው አዩ።

«በስንት ሜጋኸርዝ ነው የምትልከው?»

«በ18።»

«ስምንት ቢት ታዲያ ስንት የፕሮሰሰር ዑደት ሆነ?»

ሠላሳ ሁለት። ኢንተራፕት ለመግባት ብቻ 12 ዑደት ይወስዳል፣ ለመውጣትም ያንኑ ያህል፤ የፋንክሽኑን ሥራ ሳንቆጥር። ገብቼ እስክወጣ ባይቱ አልቋል።

«ተወው፣ ቆመህ ጠብቀው» አሉኝ። ያ ሉፕ እስከ ዛሬ ፖሊንግ ነው።

የመጀመሪያው ሪፖርትም አልተቀየረም። የችግሩ መንስኤ በሚለው ቦታ ላይ «የገመድ ጥራት» ተብሎ ተጽፏል። ሦስተኛው ገመድ እንደተሰካ ነው፤ ላዩ ላይ «አይነካ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።