የዋሶቹን ስም አንድ ወረቀት ላይ ስጽፈው

ጎንደር ውስጥ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበርን ሁለት ዓመት አከታትዬ ኦዲት አድርጌያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የተበዳሪዎችን ማህደር አንድ በአንድ እያነሳሁ ማመልከቻ፣ የብድር ውል፣ ሁለት ዋስና ቃለ ጉባኤ መኖሩን አይቼ አለፍኩ። የጎደለ ወረቀት ስላልነበረ ብድሩ ደኅና ነው ብዬ ጻፍኩ። ተሳስቼ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የ40 ማህደር ተበዳሪዎችን በግራ፣ ዋሶቻቸውን በቀኝ አድርጌ አንድ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ሦስት ስሞች በሁለቱም በኩል እየተመላለሱ መጡ። አንድ መምህር 160 ሺህ፣ አንድ ነጋዴ 150 ሺህ፣ አንድ ልብስ ሰፊ 120 ሺህ ብር ተበድረዋል፤ ለእያንዳንዳቸው ዋስ የሆኑት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው። 430 ሺህ ብር ወጥቶ የሦስቱ ቁጠባ ተደምሮ 118 ሺህ ነው። አንዱ መክፈል ሲያቅተው የሚጠየቁት ዋሶች ራሳቸው ባለዕዳ ናቸው።

የዋስትናውን ውል ሳነብ ደግሞ «እስከ ብር ______» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። «ብድሩ እኮ በውሉ ላይ ተጽፏል» አሉኝ ሒሳብ ሹሟ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ግን ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን በዋስትናው ውል ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዋሶቹ በነፃ ይሄዳሉ።

«ነጋዴው እኮ ቤቱን አስይዟል» አሉ የማህበሩ ሰብሳቢ፤ ካዝናውን ከፍተውም ዋናውን ካርታ አሳዩኝ። ከጸሐፊዋ ጋር ይዞታውን ወደሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት ሄድን። በቤቱ ላይ የተመዘገበ ምንም ዕዳ የለም። ያልተመዘገበ የቤት መያዣ ደግሞ በሕግ ውጤት የለውም (አንቀጽ 3052)። ካዝናው ውስጥ ያለው ወረቀት ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ እንዴት አለፈ? መልሱን ያገኘሁት ከቃለ ጉባኤው ነው። መምህሩ የብድር ኮሚቴ አባል ናቸው፤ የራሳቸው ብድር በጸደቀበት ቀን ከፈረሙት ሦስት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ቼኩ የካቲት 11 ወጥቷል፣ ቃለ ጉባኤው የካቲት 18 ተጽፏል። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው ፊርማው የተሰበሰበው። ይህን ማየት የነበረበት የቁጥጥር ኮሚቴ መዝገብ የመጨረሻ ስብሰባው የጥቅምት ነው። የኮሚቴውን ሰብሳቢ ስጠይቃቸው «የአበል ነገር ነው ልጄ፣ ሰው አይመጣም» አሉኝ። ያንንም እንዳለ ሪፖርቱ ውስጥ አስገባሁት።

ግኝቱን ለጠቅላላ ጉባኤው ሳቀርብ ያንኑ ወረቀት አስፍቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በርበሬ የሚነግዱ አንዲት እናት ተነስተው «የእኔ ቁጠባ ታዲያ ከማን እጅ ነው ያለው?» አሉ። ሦስቱን ስሞች በጣቴ አሳየኋቸው። ጉባኤው ተበዳሪዎቹ በ30 ቀን ውስጥ ከማህበሩ ያልተበደረ ሌላ ዋስ እንዲያመጡና የቤቱ መያዣ እንዲመዘገብ ወሰነ። ልብስ ሰፊው በሳምንቱ ወንድሙን ይዞ መጣ፤ ባዶው ቦታ ላይ 120 ሺህ ብር በፊደልም በአሃዝም ተጽፎ ሲፈረም እዚያው ነበርኩ።