"ማለፍ ዋስትና ነው!"

ደብረ ብርሃን ዛሬም ብርዷን ለቃዋለች። ጋቢ ደርቤ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። የማስጠኛው ባለቤት "አንተ ጽሑፍ ይቀናሃል" ብሎ ለ12ኛ ክፍል ዝግጅት ከማስታወቂያው ፎቶ ስር የሚለጠፍ ሁለት ሦስት መስመር አዞኛል። እሱ የሚፈልገው "ማለፍ ዋስትና ነው!" የሚል ነው። የ2014 አገር አቀፍ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ወላጅ እንቅልፍ የለውም። ዋስትና ይሸጣል። እጄ ግን አልታዘዝ አለ።

ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። በሒሳብ ሞዴል ፈተና ከ60 ጥያቄ 24 አገኘች። እናቷ ነጠላቸውን እያስተካከሉ "መምህር፣ ለግማሹ እኮ ስድስት ብቻ ነው የቀራት፣ አይደል?" አሉኝ። ሲሰሙት ትክክል ነው።

ግን ልጆቹን ፈተና ላይ ስትገምቱ ከጥያቄው ጎን ነጥብ አድርጉ እላቸዋለሁ። የሷን ወረቀት ሳየው ነጥብ የሌለባቸው 13 ነበሩ፤ ከነሱ 12ቱን አግኝታለች። ነጥብ ያለባቸው 47 ናቸው፤ ከነሱም የተገኘው 12 ነው። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረም ከአራት አንዱን ያገኛል። ስለዚህ ከ24ቱ ግማሹ የዕድል ነው።

አሁን ሒሳቡን ከዚህ እንጀምር። ዕድሏ እንደዚሁ ከቀጠለ 30 ለመድረስ 20 ጥያቄ በእርግጠኝነት ማወቅ አለባት፤ ከቀሪው 40 በግምት 10 ይመጣላታል። ከ12 ወደ 20 ማለት ስምንት ነው እንጂ ስድስት አይደለም። ያውም ዕድል አንድ ቀን ይሰጣል፣ አንድ ቀን ይነሳል።

ነጥብ ካደረገችባቸው ግማሹን ያህል አግኝታ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያ ሁለት ምርጫ መጣል ችላለች፣ ግማሹን ታውቃለች ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ቶሎ ይነሳል። የሷ ግን ጭፍን ግምት ነው። ወረቀቱን አገላብጬ ብዙ የግምት ነጥብ የተሰበሰበበትን ምዕራፍ ብፈልግ ካልኩለስ አይደለም፤ የ10ኛ ክፍል ሎጋሪዝም ነው። ካልኩለሱን ልታጠና የመጣች ልጅ!

ችግሩ ነጥቡ የሚሠራው በእውነት ለሚያደርጉት ነው። ወረቀቱ ለወላጅ እንደሚታይ ሲያውቁ ማንም ነጥብ አያደርግም። ሁሉም አዋቂ ይሆናል።

እና ለወላጅ በየወሩ በሚላከው ውጤት ላይ የትኛው ይጻፍ? 24 ብል እናትየው በስድስት ቀረች ብለው ይተኛሉ። 12 ብል ወይ ይደነግጣሉ፣ ወይ ልጅቷን አውጥተው ሌላ ቤት ያስገቧታል። ሁለቱንም ብጽፍ ደግሞ የሚያዩት ትልቁን ነው። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትልኩላቸዋላችሁ?